ማክስ ዴን እና የሁለት ቃላት እኩልነት

ማክስ ዴን የተወለደው በ1878 ዓ.ም. በጀርመን አገር በሐምቡርግ ከተማ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።) አባቱ ሐኪም ነበር፤ ቤተ ሰቡም ከአይሁድ ወገን ነው። በጌቲንገን ዩኒቨርሲቲ ከታላቁ ሊቅ ከዳቪድ ሂልበርት ዘንድ ተምሮ ዶክተርነቱን ሲያገኝ ገና ሃያ ሁለት ዓመት አልሞላውም ነበር። ሂልበርት በ1900 ለመጪው ክፍለ ዘመን የሒሳብ ሊቃውንት ያቀረባቸው 23 ጥያቄዎች በሰፊው የታወቁ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ሦስተኛውን በዚያው ዓመት የፈታው ይኸው ወጣት ነበር። ብዙ ሰው ዴንን የሚያስታውሰው በዚህ ነው። በእኔ አስተያየት ግን ከዚህ የሚበልጠው ሥራው እሱ ራሱ ሊፈታው ያልቻለው ጥያቄ ነው።

ጥያቄውን ለመረዳት የሒሳብ ክፍል ተማሪ መሆን አያስፈልግም። ሀ የሚለው ፊደል አንድን ድርጊት ያመለክት፤ ሀ⁻¹ ደግሞ ያንኑ ድርጊት የሚያፈርሰውን። ለ እና ለ⁻¹ም እንደዚሁ ይሁኑ። ፊደሎቹን በተርታ ስንጽፋቸው ቃል ይሆናሉ፤ ቃሉ ድርጊቶቹን አንዱን ካንዱ አስከትሎ መፈጸም ማለት ነው። ሀ እና ሀ⁻¹ ጎን ለጎን ከተገናኙ ይሰረዛሉ። ምንም አለማድረግን 1 ብለን እንጽፋለን። ከዚህ በኋላ አንዳንድ ቃላት እኩል ናቸው ብለን እንደነግጋለን፤ እነዚህን ድንጋጌዎች ዝምድናዎች፥ ፊደሎቹን ደግሞ አመንጪዎች እንበላቸው። አመንጪዎቹና ዝምድናዎቹ ከታወቁ ግሩፕ የሚባለው ነገር ተወሰነ ማለት ነው።

ቀላል ምሳሌ እንውሰድ። ሦስት እኩል ጎን ያለው የካርቶን ቁራጭ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ። ሀ ቁራጩን አንድ ሦስተኛ ዙር ማዞር፥ ለ ደግሞ መገልበጥ ይሁን። ሦስት ጊዜ ቢዞር ወይም ሁለት ጊዜ ቢገለበጥ ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ ስለዚህ ሀሀሀ = 1 እና ለለ = 1 ናቸው። ሦስተኛው ዝምድና ለሀ = ሀሀለ ነው። ይህ ሦስተኛው ዝምድና ማንኛውንም ለ ወደ ቀኝ ለመግፋት ያስችላል። ለምሳሌ ለሀለሀ የሚለው ቃል ሀሀለለሀ ይሆናል፤ ለለ ሲሰረዝ ሀሀሀ ይቀራል፥ ይኸውም 1 ነው። በዚህ ዓይነት የቱንም ያህል ረጅም ቃል ቢመጣ ከስድስት መልኮች ወደ አንዱ ይደርሳል፤ ሁለት ቃላትም እኩል መሆናቸው ወይም አለመሆናቸው ወዲያው ይታወቃል።

ዴን ወደዚህ ነገር የገባው ከጂኦሜትሪ በኩል ነበር። በ1910 ገደማ ያሳስበው የነበረው ቀዳዳ ባላቸው ገጾች ላይ የተዘረጋ ክር ነው። ሁለት ቀዳዳ ባለው ቀለበት ገጽ ላይ ከአንድ ነጥብ ተነሥቶ ዞሮ ወደዚያው ነጥብ የሚመለስ ክር ብናስብ፥ ክሩን ከገጹ ሳናነሣ ስበን ወደ ነጥቡ ልንሰበስበው እንችላለን ወይስ አንዱ ቀዳዳ ይይዘዋል? ክሩ የሚሄድበትን መንገድ በአራት ፊደሎች መጻፍ ይቻላል፤ እነሱም ሀ፥ ለ፥ ሐ እና መ ይሁኑ። ዝምድናቸውም አንድ ብቻ ነው፦

ሀለሀ⁻¹ለ⁻¹ሐመሐ⁻¹መ⁻¹ = 1

ክሩ ወደ ነጥብ የሚሰበሰበው ቃሉ ከ1 ጋር እኩል ሲሆን ብቻ ነው። እንግዲህ የክሩ ጥያቄ የፊደል ጥያቄ ሆነ ማለት ነው። ዴን በ1911 ባወጣው ጽሑፍ ጥያቄውን ለማንኛውም ግሩፕ እንዲሆን አድርጎ አቀረበው፦ አመንጪዎቹና ዝምድናዎቹ ተሰጥተው ሳለ፥ አንድ ቃል ከ1 ጋር እኩል መሆኑንና አለመሆኑን በተወሰኑ እርምጃዎች የሚለይ ዘዴ አለን? ሁለት ቃላት እኩል ናቸው ወይ ማለትም ከዚህ አይለይም፤ አንዱን ከሌላው ግልባጭ ጋር አጋጥሞ ውጤቱ 1 መሆኑን መመርመር ነው።

ለራሱ ገጾች መልሱን በ1912 አገኘ። ከላይ ያለው ዝምድና ስምንት ፊደሎች አሉት። በክብ እንደ ተጻፈ ቆጥረን ከየትም ፊደል ጀምረን፥ ወይም ወደ ኋላ እየገለበጥን ልናነበው እንችላለን። ዴን ያረጋገጠው ነገር ይህ ነው፦ ጎን ለጎን የሚሰረዙት ሁሉ ከተሰረዙ በኋላ ፊደል የቀረው ቃል ከ1 ጋር እኩል ከሆነ፥ በውስጡ የግድ ከዝምድናው ከግማሽ በላይ የሆነ ቁራጭ፥ ማለት ቢያንስ አምስት ተከታታይ ፊደሎች ይገኙበታል። አምስቱን በሦስት መተካት ስለሚቻል ቃሉ ያጥራል። እንደገና እንፈልጋለን፥ እንደገና ያጥራል፤ ቃሉ መጨረሻ ስላለው ሥራውም መጨረሻ አለው።

በተግባር እንየው። ሀለሀ⁻¹ለ⁻¹ሐመመ ከመሐመ ጋር እኩል ነውን? የመጀመሪያዎቹ አምስት ፊደሎች ሀለሀ⁻¹ለ⁻¹ሐ የዝምድናው ቁራጭ ናቸው፤ በዝምድናው መሠረት ከመሐመ⁻¹ ጋር እኩል ናቸው። ብንተካቸው መሐመ⁻¹መመ ይሆናል፤ መካከሉ ሲሰረዝ መሐመ ቀረ። ስለዚህ እኩል ናቸው። ሀለ እና ለሀ ግን እኩል ናቸውን? የምንመረምረው ሀለሀ⁻¹ለ⁻¹ የሚለውን ቃል ነው። ይህ ከዝምድናው ውስጥ አራት ፊደል፥ ማለት ልክ ግማሹ እንጂ ከግማሽ በላይ አይደለም። የሚያጥርበት መንገድ ስለሌለ እኩል አይደሉም። ይህን ያህል አጭር ነው ምርመራው!

እንዲህ ከሆነ ችግሩ ወዴት አለ? ሁለት ፊደልና ሁለት ዝምድና ብቻ ያለውን ይህን ግሩፕ እንመልከት፦

ሀለ = ለለሀ
ለሀ = ሀሀለ

ሀ የሚለው አንድ ፊደል ከ1 ጋር እኩል ነውን? ፊደሉ አንድ ነው፤ የሚሰረዝለት ጓደኛ የለውም፥ የሚያጥርበትም ቁራጭ የለም። በዴን ዘዴ ብቻ የሚሄድ ሰው እኩል አይደለም ብሎ ይፈርዳል፤ ይሳሳታልም። ማሳጠሩን ትተን ማስረዘም እንጀምር። በመጀመሪያው ዝምድና ሀለ ለለሀ ይሆናል። በመጨረሻ ያለውን ለሀ በሁለተኛው ዝምድና ብንተካው ለሀሀለ እናገኛለን። መጀመሪያ ላይ ያለውን ለሀ ደግመን ብንተካው ሀሀለሀለ ይሆናል። ስለዚህ፦

ሀለ = ሀሀለሀለ

ከሁለቱም ወገን በግራ ያለውን ሀ፥ በቀኝ ያለውን ለ ብናነሣ 1 = ሀለሀ ይቀራል። ከዚህ ለ = ሀ⁻¹ሀ⁻¹ መሆኑ ይታያል። ለ ከሀ ብቻ ከተሠራ ደግሞ ቅደም ተከተላቸው ለውጥ አያመጣም፤ ሀለ = ለሀ ነው። ይህንን ወደ መጀመሪያው ዝምድና ብንመልሰው ለሀ = ለለሀ፥ ማለት ለ = 1 ይሆናል፤ ሁለተኛውም ሀ = ሀሀ፥ ማለት ሀ = 1 ሆነ። ግሩፑ በሙሉ ፈርሶ 1 ብቻ ቀረ። አንድ ፊደል ከምንም ጋር እኩል መሆኑን ለማወቅ በአምስት ፊደል ቃል በኩል ዞረን መጣን።

የከባድነቱ ምንጭ እዚህ ላይ ነው። ሁለት ቃላት እኩል ከሆኑ፥ የመተካቱን መንገዶች ሁሉ በተራ እየሞከረ የሚሄድ ሰው ቢዘገይም አንድ ቀን ይደርስበታል። እኩል ካልሆኑ ግን ሰውየው ለዘላለም ይሞክራል፤ በማናቸውም ቀን ቢያቆም መንገዱ ስለሌለ ይሁን ወይም ገና ስላልደረሰበት አያውቅም። በመካከል ያለው ቃል ምን ያህል ሊረዝም እንደሚችል አስቀድሞ የሚነግረን ወሰን ቢኖር ሥራው ያልቅ ነበር። ዴን ለገጾቹ ያገኘው ይህንን ነው፦ ቃሉ ፈጽሞ መርዘም አያስፈልገውም።

ዴን በ1921 በፍራንክፈርት ፕሮፌሰር ሆነ። ከተማሪዎቹ አንዱ ቪልሄልም ማግኑስ ነበር። ዴን በጂኦሜትሪ ይፈታል ብሎ ያሰበውን ጥያቄ ቢሰጠው ማግኑስ በአልጀብራ ፈታው፤ ከዚያም በ1932 ዝምድናው አንድ ብቻ ለሆነ ግሩፕ ሁሉ የቃላቱ ጥያቄ መልስ እንዳለው አረጋገጠ። ሁለት ዝምድና ሲኖር ግን የማግኑስ መንገድ ይቆማል።

ናዚዎች ሥልጣን ከያዙ በኋላ ዴን በ1935 ከሥራው ተወገደ። በኅዳር 1938 በአይሁድ ላይ በተነሣው ሁከት ታሰረ፤ እስር ቤቱ ሞልቶ ቦታ ስለጠፋ በዚያው ዕለት ተለቀቀ። ከሚስቱ ጋር ሸሽቶ በ1939 በዴንማርክ በኩል ኖርዌይ ገባ፤ በሚያዝያ 1940 የጀርመን ጦር እዚያም ደረሰበት። ከዚያ በስዊድን፥ በፊንላንድ፥ በሳይቤርያ የባቡር ሐዲድ፥ በጃፓን አድርጎ በ1941 መጀመሪያ አሜሪካ ገባ። የስድሳ ሁለት ዓመት ሰው ነበር። ለስሙ የሚመጥን ወንበር የሰጠው ዩኒቨርሲቲ አልነበረም፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዞር ቆይቶ በ1945 በሰሜን ካሮላይና ተራሮች ውስጥ ብላክ ማውንቴን በሚባል ትንሽ ኮሌጅ ተቀመጠ። ኮሌጁ ይበልጥ የታወቀው በሠዓሊዎቹ ነው። ዴን እዚያ ከሒሳብ ሌላ ፍልስፍናና የግሪክ ቋንቋ ያስተምር ነበር። በሰኔ 1952 ሞተ፤ የተቀበረውም በዚያው በኮሌጁ ጫካ ነው።

ለጥያቄው መልስ የመጣው እሱ ከሞተ በኋላ ነው። በ1955 ሩሲያዊው ፒዮትር ኖቪኮፍ፥ ጥቂት ቆይቶም በሌላ መንገድ አሜሪካዊው ዊልያም ቡን፥ አመንጪዎቹም ዝምድናዎቹም የተቆጠሩ ሆነው ሳለ፥ እኩልነትን የሚለይ አንድም ዘዴ ሊኖረው የማይችል ግሩፕ እንዳለ አረጋገጡ። እስካሁን አልተገኘም ማለት ሳይሆን ፈጽሞ አይገኝም ማለት ነው። የማረጋገጫው ሐሳብ በአጭሩ እንዲህ ነው፦ ዝምድናዎቹ በብልሃት ከተመረጡ፥ በቃል ላይ የሚደረገው መተካት የአንድን የሒሳብ መኪና ሥራ እርምጃ በእርምጃ ይመስላል፤ ቃሉ ከ1 ጋር እኩል የሚሆነውም መኪናው ሥራውን ጨርሶ ሲቆም ብቻ ነው። መኪና ይቆም ወይም አይቆም እንደሆነ ለሁሉም የሚወስን ዘዴ እንደሌለ ደግሞ አላን ተሪንግ በ1936 አሳይቶ ነበር። ይህ ማለት ግን ሁሉም ግሩፕ እንዲህ ነው ማለት አይደለም። በ1987 ሚካኤል ግሮሞፍ የዴን የማሳጠር ዘዴ የሚሠራባቸውን ግሩፖች በጂኦሜትሪያቸው ለይቶ አሳየ፤ እነሱም እጅግ ብዙ ናቸው።

መሞከር ለሚፈልግ ጓደኛ አንድ ጥያቄ ልተው። ከላይ በሁለት ፊደል ያፈረስነውን ግሩፕ በሦስት ፊደል እንጻፈው፦ ሀለ = ለለሀ፥ ለሐ = ሐሐለ፥ ሐሀ = ሀሀሐ። ይህም እንደ ፊተኛው ፈርሶ 1 ይሆናል፤ መንገዱ ግን ይረዝማል። አራተኛ ፊደል ጨምረን ዙሩን ብናሰፋው ግን ግሬሃም ሂግማን በ1951 እንዳሳየው ግሩፑ አይፈርስም፤ እንዲያውም ወሰን የለውም። ሦስቱን ከአራቱ ምን እንደሚለያቸው ዝምድናዎቹን በማየት ብቻ መናገር የሚችል ካለ ለአዘጋጆቹ ይጻፍልን።