ቢሊ ሆሊዴይና እንግዳው ፍሬ

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1939 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ፣ በኒውዮርክ ከተማ ካፌ ሶሳይቲ በተባለ የምሽት ክበብ ውስጥ፣ ከሌሎች ክበቦች የተለየ አንድ ሥርዓት ይፈጸም ነበር። የመጨረሻው ዘፈን ሊጀመር ሲል አሳላፊዎቹ መጠጥ ማቅረባቸውን ያቆማሉ፤ መብራቱም ሁሉ ይጠፋል። አንዲት ትንሽ ጨረር ብቻ በዘፋኚቱ ፊት ላይ ትበራለች። ዘፈኑ እንዳለቀ ይህችም ትጠፋለች። መብራቱ ሲመለስ መድረኩ ባዶ ነው፤ እንግዶቹ የቱንም ያህል ቢያጨበጭቡ ዘፋኚቱ ተመልሳ አትወጣም። ይህች ዘፋኝ ቢሊ ሆሊዴይ ነበረች፤ ዕድሜዋም ገና 23 ዓመት ነበር። የዘፈኑም ስም «እንግዳ ፍሬ» ይባላል።

ቢሊ ሆሊዴይ ሚያዝያ ወር ውስጥ በ1915 ዓ.ም. በፊላዴልፊያ ከተማ ተወለደች። ያደገችው ግን በባልቲሞር ነው፤ እናቷም ገና ልጅ እግር ሳለች የወለደቻትና በድህነት ያሳደገቻት ነበረች። አባቷ ክላረንስ ሆሊዴይ ጊታር ተጫዋች ሲሆን፣ ከቤተ ሰቡ ጋር አልኖረም። ልጅቱ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለች ወደ ኒውዮርክ መጥታ በጥቁሮች ሰፈር በሐርለም መጠጥ ቤቶች እየዞረች ትዘፍን ጀመር። የሙዚቃ ትምህርት ቤት አልገባችም፤ በ1933 ዓ.ም. ግን የመጀመሪያዋን ሸክላ አስቀረጸች።

ዝናዋ እየሰፋ በሄደ ጊዜም የቆዳዋ ቀለም አልተረሳባትም። በ1938 ዓ.ም. ከነጩ የሙዚቃ ጓድ መሪ ከአርቲ ሾው ጋር ስትሠራ፣ በኒውዮርክ አንድ ሆቴል ውስጥ እንግዶች በሚወጡበት አሳንሰር ሳይሆን በዕቃ ማመላለሻው እንድትወጣ ታዘዘች። ከዚያም አንድ ዓመት ቀደም ብሎ አባቷ በቴክሳስ አገር በሳንባ በሽታ ሞቶ ነበር። እርሷ እንደምትናገረው፣ የሞተው ጥቁር ስለ ሆነ በቶሎ የሚቀበለው ሐኪም ቤት በማጣቱ ነው። ስለዚህ ያ ዘፈን በቀረበላት ጊዜ ነገሩ ለእርሷ ሩቅ አልነበረም።

ዘፈኑን የደረሰው እርሷ አይደለችም። ደራሲው አቤል ሚሮፖል የተባለ፣ በኒውዮርክ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚያስተምር አይሁዳዊ መምህር ነበር። በነሐሴ ወር 1930 ዓ.ም. በኢንዲያና ግዛት በማሪዮን ከተማ፣ ሕዝብ ወኅኒ ቤት ሰብሮ ሁለት ጥቁር ወጣቶችን አወጣና ያለ ፍርድ በዛፍ ላይ ሰቀላቸው። ከዛፉ ሥር የቆሙት ሰዎች ወደ ካሜራው እየተመለከቱ ፎቶግራፍ ተነሡ፤ ሥዕሉም በሺህ እየታተመ ተሸጠ። ሚሮፖል ይህን ፎቶግራፍ አይቶ ከአእምሮው ሊያወጣው ስላልቻለ ግጥም ጻፈ። ግጥሙ በ1937 ዓ.ም. «መራራ ፍሬ» በሚል ስም በመምህራን መጽሔት ላይ ወጣ፤ ዜማውንም ራሱ ሠራለት። ቢሊ ሆሊዴይ በ1956 ዓ.ም. በወጣው የሕይወት ታሪኳ ዜማው ሲሠራ እርሷም እጇ እንዳለበት ብትገልጽም፣ ሚሮፖል ይህን አልተቀበለውም። ዘፈኑ ወደ እርሷ ከመድረሱ በፊትም በኒውዮርክ በስብሰባዎች ላይ ይዘፈን ነበር።

ግጥሙ አሥራ ሁለት መሥመር ብቻ ነው። በእነዚህ መሥመሮች ውስጥ ገዳዩ ማን እንደ ሆነ አይነገርም፤ የሟቹ ቀለምም ቢሆን የሚገለጸው በጥቂቱ ነው። ፍትሕ፣ መብት፣ ሕግ የሚሉ ቃላት አይገኙበትም። የሚታየው የደቡቡ አሜሪካ ያማረ ገጠር፣ መልካም መዓዛ ያለው አበባና ፍሬ የያዘ ዛፍ ነው። አድማጩ ፍሬው ምን እንደ ሆነ የሚረዳው ቀስ በቀስ ነው፤ የአበባው መዓዛና የተቃጠለ ሥጋ ሽታ በአንድ ቦታ ሲገናኙበት ይደነግጣል። በመጨረሻም ፍሬው ለወፍ፣ ለዝናብና ለፀሐይ የተተወ ሆኖ ያየዋል።

ሰምና ወርቅ ለሚያውቅ ሰው ይህ አሠራር እንግዳ አይሆንበትም። ሆኖም አንድ ልዩነት አለ። በእኛ ቅኔ ሰሙ ብዙ ጊዜ ወርቁን ከማይፈለግ ጆሮ ይሸሽጋል። ሚሮፖል ግን ወርቁን ለመሸሸግ አልፈለገም፤ የግድያው ወሬ በጋዜጣ ሲነበብ ኖሯልና፣ የተሸሸገ ነገር አልነበረም። ይልቁንስ ወሬውን ለምዶ የሚያልፈው ሰው እንደ አዲስ ነገር እንዲያየው አደረገው። ፍርዱንም ለአድማጩ ተወለት።

መብራቱ የሚጠፋበትና አሳላፊው የሚቆምበትም ምክንያት ይኸው ነው። የክበቡ ባለቤት ባርኒ ጆሴፍሰን ነጭና ጥቁር አብረው የሚቀመጡበትን ቤት የከፈተ ሰው ሲሆን፣ ሥርዓቱን ያወጣው እርሱ ነው። በብርጭቆ ጫጫታ መካከል የተሰማ እንደ ሆነ ይህ ዘፈን ስለ አገር ውበት የተዘፈነ መስሎ ሊያልፍ ይችላል።

ቢሊ የምትሠራለት ታላቁ የሸክላ ኩባንያ ዘፈኑን ለመቅረጽ ፈቃደኛ አልሆነም፤ የደቡብ ነጋዴዎችን ቁጣ ፈርቷልና። ነገር ግን ለሌላ እንድትቀርጽ ፈቀደላት። ስለዚህ ሚያዝያ ወር 1939 ዓ.ም. ኮሞዶር ለተባለው ትንሽ ኩባንያ አስቀረጸችው። ግጥሙ አጭር በመሆኑ፣ ሙዚቀኞቹ በመጀመሪያ ረዘም ያለ መግቢያ ያለ ድምፅ ተጫወቱ፤ እርሷ የምትገባው ከአንድ ደቂቃ በኋላ ነው። ድምፅዋን ከፍ አታደርግም፤ አታለቅስምም። ሸክላው በብዛት ተሸጠ።

በምሳሌ መናገር ግን የራሱ ጉድለት አለው። ቢሊ በሕይወት ታሪኳ ላይ እንደ ተረከችው፣ አንዲት የክበብ እንግዳ በዛፍ ላይ ስለሚወዛወዙት ራቁት ገላዎች የሚናገረውን የፍትወት ዘፈን እንድትዘፍንላት ጠይቃታለች። ሴትዮዋ ሰሙን ብቻ ይዛ ሄዳለች ማለት ነው። ቢሊ ይህን ስለምታውቅ ዘፈኑን በየሥፍራው አትዘፍነውም ነበር።

የኋላ ሕይወቷ መከራ የበዛበት ነበር። በአደንዛዥ ዕፅ ምክንያት በ1947 ዓ.ም. ተፈርዶባት ታሰረች። ከተፈታችም በኋላ በኒውዮርክ መጠጥ በሚሸጥባቸው ክበቦች የምትሠራበትን ፈቃድ አጣች፤ እንጀራዋ ማለት ይኸው ነበር። ሐምሌ ወር 1959 ዓ.ም. በኒውዮርክ ሐኪም ቤት በ44 ዓመቷ ስትሞት፣ በዚያው በአልጋዋ ላይ በእስር ትጠበቅ ነበር።

ያለ ፍርድ ሰቅሎ መግደልን በአገሪቱ ሕግ ወንጀል ለማድረግ የቀረቡትን ረቂቆች የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት በ1922፣ በ1937 እና በ1940 ዓ.ም. ቢያሳልፋቸውም፣ በሴኔቱ ሳይጸድቁ ቀሩ። ሕጉ የጸደቀው በመጋቢት ወር 2022 ዓ.ም. ነው። ቢሊ ሆሊዴይ ከሞተች በዚያን ጊዜ 62 ዓመት አልፏል።